አንድ ክር ለሁሉም ጥርስ? በአቦራረሽና በጥርስ መሃል ጽዳት ላይ የሚሠሩ ስህተቶች

ጥርሱን ከማይቦርሽ ሰው ይልቅ በየቀኑ እየቦረሸ ድዱ የሚደማበት ሰው ይበዛብኛል። የምሠራው ቱሉ ዲምቱ መንገድ ዳር ባለች አነስተኛ የጥርስ ክሊኒክ ውስጥ ነው። ታካሚዎቹ ከኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም፣ ከገላንና ከአቃቂ ይመጣሉ። ብሩሽ ቤታቸው አለ፣ የጥርስ ሳሙናም አይጠፋም። ችግሩ ያለው ከእጃቸው አያያዝና ለየጥርሳቸው ክፍተት ከሚመርጡት ዕቃ ላይ ነው።

ጠንክሮ ወደ ጎን መፈግፈግ

በመፋቂያ ያደገ እጅ ብሩሽንም እንደ መፋቂያ ይይዛል፤ በጡጫ ጨብጦ፣ ከግራ ወደ ቀኝ፣ በኃይል። መፋቂያው ራሱ ጥፋት የለበትም። ወይራም ሆነ ክትክታ ጫፉ በደንብ ታኝኮ ሲለሰልስ ያጸዳል። ጥርስ የሚበላው ወደ ጎን የሚደረገው ግፊት ነው፤ ጠንካራ ብሩሽ ሲታከልበት ደግሞ ይብሳል።

ምልክቱ በመስታወት ይታያል። ክራንቻውና ከክራንቻው ቀጥለው ያሉት ጥርሶች ከድዱ ጋር በሚገናኙበት አንገታቸው ላይ ጎድጎድ ይላሉ፣ ድዱም ወደ ኋላ ይሸሻል። ቀኝ እጁን የሚጠቀም ሰው ብዙ ጊዜ የሚጎዳው ግራ ጎኑን ነው፤ እጁ ጉልበት የሚያገኘው እዚያ ላይ ስለሆነ። ቀዝቃዛ ውሃ ሲጠጣ ያ ቦታ ይጠዘጥዘዋል። ብሩሹ በተገዛ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ፀጉሩ ወደ ዳር ከተበተነ ይህም ሌላ ማስረጃ ነው፤ በቀስታ የሚቦርሽ ሰው ብሩሽ ሦስት ወር ያህል ቅርጹን ይይዛል።

ከስምጥ ሸለቆ አካባቢ የመጡ ታካሚዎች እዚህ ላይ ለብቻቸው ይጎዳሉ። በልጅነታቸው ፍሎራይድ የበዛበት ውሃ ጠጥተው ስላደጉ ጥርሳቸው ቡናማ ነው፣ ያንን ቀለም ፈግፍገው ሊያስለቅቁት ይሞክራሉ። ቀለሙ ያለው ጥርሱ ውስጥ ስለሆነ በብሩሽ አይለቅም። የሚለቀው የጥርሱ አንገት ነው።

ሲገዙ ማሸጊያው ላይ ሶፍት የሚል፣ ጭንቅላቱም ትንሽ የሆነ ብሩሽ ይምረጡ። እንደ እስክሪብቶ በጣት ጫፍ ይያዙት፤ በጡጫ ካልያዙት ለመጫን አይመችም። ፀጉሩን ግማሹ ድዱ ላይ፣ ግማሹ ጥርሱ ላይ እንዲያርፍ በ45 ዲግሪ ያህል ወደ ድዱ ያጋድሉት። ከዚያ ሁለት ሦስት ጥርስ ላይ ብቻ ቆመው፣ ፀጉሩ ከቦታው ሳይለቅ አሥር ሰከንድ ያህል እጅግ አጭር በሆነ እንቅስቃሴ ያንቀጥቅጡትና ከድዱ ወደ ጥርሱ ጫፍ ጠረግ ያድርጉት። ወደሚቀጥሉት ጥርሶች አለፍ ብለው ይድገሙ። ለታችኛው የፊት ጥርስ ውስጠኛ ጎን ብሩሹን ቀጥ አድርገው ያቁሙት፤ የጥርስ ድንጋይ በብዛት የሚጠራቀመው እዚያ ነው። ጠዋትና ማታ ሁለት ሁለት ደቂቃ ይበቃል።

ሲጨርሱ አረፋውን ይትፉት እንጂ በውሃ አይጉመጥመጡ። ሳሙናው ውስጥ ያለው ፍሎራይድ ጥርስ ላይ ሲቆይ ነው የሚሠራው። ውሃ በፈረቃ ለሚመጣበት ሰፈር ይህ ምክር ይከብዳል ብዬ አልሰጋም።

የሚደማውን ቦታ መተው

«ሲደማብኝ ተውኩት» የሚለውን ሳልሰማ የምውልበት ቀን ጥቂት ነው። ነገሩ ግን የተገላቢጦሽ ነው። ድድ ከሚደማበት ምክንያት ዋነኛው ጥርሱ ሥር የተቀመጠው ለስላሳ ነጭ ቆሻሻ ነው፤ ቦታው ሲተው ቆሻሻው ይጨምራል፣ ድዱም ይበልጥ ያብጣል። በየቀኑ በቀስታ ከተጸዳ በአንድ ወይም በሁለት ሳምንት ውስጥ መድማቱ ይቀንሳል። ካልቀነሰ ከድዱ ሥር የደነደነ የጥርስ ድንጋይ አለ ማለት ሊሆን ይችላል፤ ያንን ደግሞ ብሩሽም ክርም አያነሳውም፣ በሐኪም መታጠብ አለበት።

ድዳቸውን የተነቀሱ እናቶች አንድ ነገር ይወቁ። የታመመ ድድ ይቀላል ይባላል፣ በንቅሳት የጠቆረ ድድ ላይ ግን መቅላቱ አይታይም። ለእነሱ የሚያስተማምነው ምልክት መድማቱና ማበጡ ነው።

ለሁሉም ክፍተት አንድ ዕቃ መምረጥ

ብሩሽ የቱንም ያህል በጥሩ እጅ ቢያዝ በሁለት ጥርሶች መሃል አይገባም። ስለዚህ በቀን አንድ ጊዜ፣ ቢቻል ከማታው ቡረሻ በፊት፣ መሃሉ ለብቻው መጽዳት አለበት። ሰዎች ፋርማሲ ገብተው የጥርስ ክር ይገዙና ሥራው ያለቀ ይመስላቸዋል። አንድ አፍ ውስጥ ግን አራት ዓይነት ክፍተት ሊኖር ይችላል።

አርባዎቹን ያጋመሱ አንዲት የኮዬ ፈጬ ነዋሪ ክራቸውን በቦርሳቸው ይዘው መጡ። «ዶክተር፣ ማታ ማታ አንዱንም ሳልዘል አደርጋለሁ፤ አሁንም ይደማል» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፣ አልዘለሉም። አፋቸውን አብረን በመስታወት አየነው።

የላይኛው የፊት ጥርሳቸው ከልጅነት ጀምሮ ፍንጭት ነው። ሁለቱ ጥርሶች ስለማይነካኩ፣ ድዱም መሃሉን ሞልቶ ጤነኛ ስለሆነ፣ እዚያ ክር ማስገባት ብዙም አይጠቅምም። ብሩሹን ቀጥ አድርገው አቁመው በጫፉ የእያንዳንዱን ጥርስ ጎን ቢጠርጉ በቂ ነው።

የታችኛው የፊት ጥርሳቸው ተደራርቦ ተጣቧል። ድዱ በጥርሶቹ መሃል እስከ ላይ ሞልቷል፣ ባዶ ቦታ የለም። የክር ቦታ ይህ ነው። በሰም የተለበሰውና ቀጭኑ ክር ሳይተለተል ያልፋል። እዚህ የጥርስ መሃል ብሩሽን፣ ማለትም በቀጭን ሽቦ ላይ ዙሪያውን ፀጉር ያለውን ትንሽ ብሩሽ፣ ታግሎ ማስገባት ድዱን ያቆስላል።

የላይኛው የኋላ ጥርሳቸው ላይ ነገሩ ይለያል። ጥርሶቹ ጫፋቸው ላይ ገጥመዋል፣ ድዱ ግን ስለሸሸ ከሥር ሦስት ማዕዘን የሆነ ጥቁር ክፍተት ይታያል። በክር ሲለፉበት የነበረውና የሚደማው ቦታ ይህ ነበር። የጥርስ ሥር ጎኑ ለጥ ያለ አይደለም። በተለይ ከላይኛው ክራንቻ ቀጥሎ ያለው ጥርስ ከፊት በኩል ሰርጎድ ያለ ቦታ አለው፤ ክር እዚያ ሲደርስ ጉድጓድ ላይ እንደተወጠረ ገመድ ከላይ ያልፋል፣ ቆሻሻው ከሥር ይቀራል። እዚያ የሚደርሰው የጥርስ መሃል ብሩሽ ነው።

ከታች በቀኝ በኩል መንጋጋቸው ከዓመታት በፊት ተነቅሎ፣ ከኋላው የነበረው ወደ ባዶው ቦታ አጋድሏል። የዚያን ጥርስ ጎን ለማጽዳት ትልቁን የጥርስ መሃል ብሩሽ ይጠቀሙ አልኳቸው፤ ካልተገኘ የሕፃን ብሩሽ ጭንቅላቱ ስለሚያንስ ይደርሳል።

ልኩን በቀለም መገመት

የጥርስ መሃል ብሩሽ ልክ አለው። ብዙዎቹ ማሸጊያዎች ላይ ከ0 እስከ 8 የሚደርስ ቁጥር ይኖራል፤ ቁጥሩ ብሩሹ ሽቦው ሳይጎብጥ የሚያልፍበትን ትንሹን ቀዳዳ ያመለክታል። 0 ቁጥር በ0.6 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ያልፋል፣ 3 ቁጥር ከ1 ሚሊ ሜትር ትንሽ ሰፋ ያለ ይፈልጋል። ቀለሙን ግን እያንዳንዱ ፋብሪካ እንደወደደ ይቀባዋል፤ የአንዱ ቀይ የሌላው ቀይ አይደለም። ጎረቤት «ሰማያዊውን ግዢ» ስላለች አይግዙ።

ልክ የሚታወቀው በመሞከር ነው። ከትንሹ ይጀምሩ። ምንም ሳይሰማዎት ወዲያና ወዲህ ከተንሸራተተ አንሷል፣ አንድ ቁጥር ይጨምሩ። ሽቦው ከጎበጠ ወይም ጥርሱን ከነካ በዝቷል። ትክክለኛው ፀጉሩ በሁለቱም በኩል ጥርሱን እየነካ፣ ትንሽ ያዝ እያደረገ የሚያልፈው ነው። ለአንድ አፍ ሁለት ወይም ሦስት ልክ ማስፈለጉ የተለመደ ነው፤ ለእኚህ ሴት ለላይኛው የኋላ ጥርስ አንድ፣ ለተነቀለበት ቦታ ሌላ ሆነ።

ለኋላ ጥርስ አፍን በሰፊው መክፈት ጉንጩን ይወጥረዋል። ከፈት አድርገው ዘና ይበሉ፣ ሽቦውን በጣት ትንሽ ጎበጥ አድርገው ከጉንጭ በኩል ያስገቡ፣ ጥቂት ጊዜ ወዲያና ወዲህ ያድርጉት፣ በውሃ አለቅልቀው ያድርቁት። ሳሙና አያስፈልገውም። ፀጉሩ ሲሳሳ ወይም ሽቦው ሲጣመም ይቀየራል።

ክሩን እንደ ወጥመድ መልቀቅ

በተጣበቀ ጥርስ ላይ ክር ሲጫኑት ጠብ ብሎ ድዱን ይቆርጣል። ብዙ ሰው «ክር አይስማማኝም» የሚለው በዚህ ምክንያት ነው። ከ40 እስከ 45 ሳንቲ ሜትር ቆርጠው አብዛኛውን በሁለቱ መሃል ጣቶች ላይ ይጠቅልሉ፣ በመሃል ጥቂት ሳንቲ ሜትር ብቻ ይቅር። እንደ መጋዝ በዝግታ ወዲያና ወዲህ እያደረጉ ያሳልፉት። ካለፈ በኋላ የሚጸዳው ድዱ አይደለም፣ የጥርሱ ጎን ነው፤ ክሩን በአንዱ ጥርስ ዙሪያ አቅፈው ከድዱ ጠርዝ ትንሽ ዝቅ እስኪል ጥቂት ጊዜ ወደ ላይና ወደ ታች ይጥረጉ፣ ከዚያ የጎረቤቱን ጥርስ እንደዚሁ። ለሚቀጥለው ክፍተት ያልተነካውን ክር ይፍቱ።

ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ክሩ የሚበጠስ ወይም የሚተለተል ከሆነ ክሩን አይውቀሱ። እዚያ ስለት ያለው የጥርስ ሙሊት ወይም የተደበቀ ቀዳዳ ሊኖር ይችላል።

ስቴኪኒ እየቆፈሩ መኖር

ሥጋ ቤት ተበልቶ ሲወጣ ስቴኪኒ መያዝ ልማድ ነው። አንዴ የገባን ሥጋ ማውጣቱ ክፋት የለውም፣ ግን ጠንካራ ጫፉ ድዱን ይወጋል፣ ቆሻሻውንም ከጥርሱ ጎን አይጠርገውም። ዋናው ጥያቄ ሥጋው የሚገባው የት ነው የሚል ነው። በየጊዜው አንድ ቦታ ላይ ብቻ ከሆነ፣ ድሮ የገጠሙ ጥርሶች ተላቅቀዋል ወይም አንዱ መሃሉ ተበልቷል ማለት ሊሆን ይችላል፤ መታየት አለበት።

ከልጅነት ያለ ፍንጭት ውበት ነው። በጎልማሳነት የፊት ጥርስ መሃሉ አዲስ ሲከፈት፣ ጥርሱ ሲረዝም ወይም በምላስ ሲነካ ሲነቃነቅ ግን ጥርሱን የያዘው አጥንት እየተበላ ሊሆን ስለሚችል፣ ትልቅ ቁጥር ብሩሽ ከመግዛት በፊት ሐኪም ይየው።

ኮዬ ፈጬዋ ታካሚ ከሦስት ሳምንት በኋላ ሲመለሱ ከአንድ ቦታ በስተቀር መድማቱ ቆሟል። ያ ቦታ ከላይኛው የመጨረሻ መንጋጋ ኋላ ነው፤ ከድዱ ሥር ድንጋይ ስለነበረ አጥበን ጨረስነው።