የድርቀት ክኒን በወሰዱ ማግስት

እንደ ቢሳኮዲልና ሴና ያሉ አንጀትን ቀስቅሰው የሚያሠሩ የድርቀት መድኃኒቶችን ማታ ውጠው ጠዋት ከተጸዳዱ፣ በማግስቱ ሰገራ ባይመጣ አይደንግጡ። አንጀቱ ተጠራርጎ ስለወጣ እንደገና እስኪሞላ ሁለት ሦስት ቀን ሊወስድ ይችላል። ብዙ ሰው ግን «ድርቀቱ ተመለሰ» ብሎ ክኒኑን ይደግማል፤ በክኒኑ ላይ ጥገኛ መሆን ሊጀምር የሚችለው እዚህ ላይ ነው። እየቆየ አንዱ ክኒን አልበቃ ይልና ሁለት ሊሆን ይችላል። ተቅማጡ ሲደጋገም ደግሞ ፖታሲየም ከሰውነት ይወጣል፤ እሱ ሲያንስ የአንጀት ጡንቻ ራሱ ስለሚዝል ድርቀቱ ይብሳል። ጡንቻዎ ከዛለ ወይም የልብ ምትዎ ከተዛባ ዛሬውኑ ሐኪም ዘንድ ይሂዱ። ያለ ሐኪም ትእዛዝ ከአንድ ሳምንት በላይ አይውሰዱት። ለወራት ሲወስዱ የቆዩ ከሆነ አወሳሰዱን ከሐኪም ጋር ተመካክረው ቀስ በቀስ ይቀንሱ፤ በድንገት ማቆም ድርቀቱን ሊመልሰው ይችላል።