መኪናዬ የፈረንጅ ሰዓት ነው የሚያውቀው

ሜሪላንድ ባለው ቤቴ፣ በውሌ መሠረት ኤሌክትሪክ የሚረክሰው ከሌሊቱ 6 እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ነው። የኤሌክትሪክ መኪናዬ ላይ የቻርጅ መጀመሪያውን «6:00» ብዬ ሞልቼ ተኛሁ። ለካ ቻርጁ የሚጀምረው ልክ ርካሹ ሰዓት ሲያበቃ ኖሯል!

ወደ «00:00» ስለውጠው ሒሳቡ ቀነሰ። ግን ባትሪው ሌሊት 9 ሰዓት ላይ 100 በመቶ ሞልቶ፣ ጠዋት እስክወጣ እንደዚያው ይቆያል። ሙሉ ሆኖ መቆየት፣ በተለይ በሙቀት፣ እንደ እኔ መኪና ያለውን ኒኬል ያለበት የሊቲየም ባትሪ ያስረጀዋል።

ጣሪያውን 80 በመቶ አደረግሁት። በቀን የምጨርሰው የ60 ኪሎዋት ሰዓቱን ባትሪ 30 በመቶ፣ ማለትም 18 ኪሎዋት ሰዓት ነው፤ በ7 ኪሎዋት ቻርጀር፣ ብክነቱ ተጨምሮ፣ ሦስት ሰዓት አይሞላም። መጀመሪያውን «03:00» አልኩት፤ አሁን የሚያበቃው ልነሳ ስል ነው። 100 የምሞላው ለሩቅ መንገድ ዋዜማ ብቻ ነው።