ከካሜራው ሥር ያለው ቀዳዳ፦ በ360 ቪዲዮ ትራይፖዱ የቆመበትን ቦታ በመሬቱ ምስል መሙላት

360 ቪዲዮ የሚያይ ሰው አንዴ ወደ ላይ ካየ ቀጥሎ ወደ ታች ማየቱ አይቀርም። እዚያ የሚጠብቀው ደግሞ የትራይፖድ እግር ነው። ብዙ ሰው ክብ ሎጎ ለጥፎበት ይገላገላል። ለሆቴል ማስታወቂያ ምንም አይደል፣ ያስኬዳል። መንገዱ፣ ግቢው ወይም የቤቱ ወለል ራሱ እንዲታይ ከተፈለገ ግን መሬቱን በመሬት መጣፍ ነው የሚያዋጣው።

ምሳሌዬ ደሴ ውስጥ ያለ አንድ የኮብልስቶን መንገድ ነው። ፎቶ ቤት ያለው ወዳጄ ካሜራውን በ1.5 ሜትር ከፍታ አቁሞ ቀረጸው። የቪዲዮው መጠን 5760 በ2880 ፒክስል ነው። የትራይፖዱ እግሮች ጫፍ ከመሃሉ 55 ሴንቲ ሜትር ርቆ መሬት ነክቷል። ኮብልስቶን ለዚህ ሥራ ጨካኝ ፈታኝ ነው፤ አንዱ ድንጋይ ትንሽ ከተዛነፈ ዓይን ወዲያው ይይዘዋል።

ምልክት፦ መጣፊያው መሃል ላይ እንደ ኮከብ ይጨማደዳል

መንስኤ፦ ጥገናው የተሠራው በተዘረጋው ምስል ላይ ነው። 360 ቪዲዮ በፋይል ውስጥ ሲቀመጥ እንደ ዓለም ካርታ ወርዱ የቁመቱ እጥፍ ሆኖ ይዘረጋል። የመጨረሻው የታችኛው መስመር 5760 ፒክስል ይያዝ እንጂ በእውነቱ አንዲት ነጥብ ናት፤ ከካሜራው ቀጥታ በታች ያለችው። እዚያ ላይ በብሩሽ የተቀባ ወይም በክሎን የተቀዳ ነገር ሁሉ ወደዚያች ነጥብ ሲሰበሰብ ይጨማደዳል። በእኛ ምሳሌ አንድ ዲግሪ 16 ፒክስል ነው፣ ትራይፖዱ ደግሞ ከታች ወደ 20 ዲግሪ ይይዛል። ስለዚህ ችግሩ ያለው በታችኛዎቹ 320 መስመሮች ውስጥ ነው፣ ምስሉ ክፉኛ በሚለጠጥበት ቦታ።

መፍትሄ፦ የታችኛውን እይታ ብቻ ወደ ጠፍጣፋ ፎቶ አውጡት። በነፃ የሚገኘው ffmpeg የተባለ የቪዲዮ ፕሮግራም ይህን በአንድ ትእዛዝ ይሠራል፦

```
ffmpeg -ss 5 -i in.mp4 -frames:v 1 -vf "v360=e:flat:pitch=-90:h_fov=90:v_fov=90:w=1920:h=1920" floor.png
```

ከአምስተኛው ሰከንድ አንድ ፍሬም ተወስዶ ልክ አንገታችሁን ደፍታችሁ እንዳያችሁት መሬት ይወጣል። ከመሬት ይልቅ ሰማይ ከመጣ የ90ውን የመቀነስ ምልክት አንሱ፤ ያኔ ከታች በሚመጣው የመመለሻ ትእዛዝ ላይም ተቃራኒው ይሁን። ካሜራው በ1.5 ሜትር ከፍታ ስለቆመ ይህ ፎቶ 3 ሜትር በ3 ሜትር የሆነ መሬት ያሳያል። አንድ ሜትር 640 ፒክስል ገደማ ነው ማለት ነው። 10 ሴንቲ ሜትር የሆነ ድንጋይ 64 ፒክስል ይሆናል፣ የትራይፖዱ ክብ ደግሞ ከመሃል 350 ፒክስል ያህል ይወጣል። መጣፊያውን 400 ፒክስል አካባቢ ላይ ማቆም ይበቃል።

አንዳንዱ ሙሉ ቪዲዮውን ገልብጦ፣ ጠግኖ፣ መልሶ ይገለብጠዋል። እኔ አልመክርም። ምስሉ ሁለት ጊዜ እንደ አዲስ ሲሰላ የደሴ ተራሮች ጠርዝ ሳይቀር ይደበዝዛል። መዞር ያለባት ትንሿ መጣፊያ ብቻ ናት።

ምልክት፦ ድንጋዮቹ አይገጥሙም

መንስኤ፦ ከጎን ያለውን መሬት በክሎን ቀድቶ መሙላት ለአስፋልትና ለአፈር ይሠራል። ኮብልስቶን ግን መስመር አለው። መስመሩ ከዚህ በኩል ገብቶ በዚያ በኩል ካልወጣ ያስታውቃል።

መፍትሄ፦ ቀረጻው እንዳለቀ ትራይፖዱን አንሱና እግሩ የቆመበትን ቦታ በስልክ ፎቶ አንሱት። ካሜራው በነበረበት ነጥብና ከፍታ ላይ ማንሳት ግዴታ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። መሬቱ ጠፍጣፋ ከሆነ ግን ግዴታ አይደለም። ጠፍጣፋ ነገርን ከየትም ብታነሱት፣ አራት ነጥብ በማግጠም ብቻ ከሌላ ቦታ የታየ ማድረግ ይቻላል። ጥላችሁ እንዳያርፍበት ብቻ ቁሙ። የስልኩንም ሰፊ ሌንስ ተዉት፤ ቀጥ ያለውን መስመር ያጎብጠዋል።

ከዚያ ጂምፕ በሚባለው የፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራም ላይ floor.png ን ክፈቱና የስልኩን ፎቶ በ Open as Layers ጨምሩበት። የላይኛውን ሌየር ግልጽነት ግማሽ አድርጉት። ቀጥሎ Perspective የሚለውን መሣሪያ ይዛችሁ በሁለቱም ምስሎች የሚታዩ አራት የድንጋይ ጥጎችን አግጥሙ። ነጥቦቹ ከትራይፖዱ ክብ ውጭና በአራቱም አቅጣጫ ይሁኑ፤ ሁሉንም ከአንድ ጎን ከወሰዳችሁ ተቃራኒው ጎን ይዋልላል። በወዳጄ ምስል ላይ አንድ የተሰነጠቀ ድንጋይና የማንሆል ክዳን ጥግ ጥሩ ምልክት ሆነው አገልግለዋል።

ሲገጥም ግልጽነቱን መልሱና ከመሃል 400 ፒክስል ከሚወጣው ክብ ውጭ ያለውን በማስክ ደብቁ። የማስኩን ጠርዝ በ30 ፒክስል ገደማ አለስልሱት። የታችኛውን ሌየር አጥፍታችሁ መጣፊያውን ብቻ patch.png ብላችሁ አውጡት፤ የምስሉ ልክ 1920 በ1920 እንደሆነ ይቆይ፣ አራቱ ጥጎችም ባዶ ይሁኑ። ከዚያ መጣፊያው ወደ 360 ምስሉ ይመለሳል፦

```
ffmpeg -i patch.png -vf "format=gbrap,v360=flat:e:pitch=90:ih_fov=90:iv_fov=90:w=5760:h=2880" patch360.png
ffmpeg -i in.mp4 -i patch360.png -filter_complex "[0:v][1:v]overlay=0:0" -c:v libx264 -crf 18 -c:a copy out.mp4
```

ማረጋገጫው ቀላል ነው። የመጀመሪያውን ትእዛዝ out.mp4 ላይ መልሳችሁ አሂዱና መሬቱን እዩ። ትራይፖዱ ካልተሸፈነና ሌላ ቦታ ላይ ድንጋይ ከተንሳፈፈ የአንዱ 90 ምልክት ተገላብጧል።

ይህ ዘዴ ደረጃ ላይ፣ የመንገድ ጠርዝ ላይና ቁልቁለቱ በሚሰበርበት ቦታ አይሠራም፤ አራቱ ነጥቦች በአንድ ሜዳ ላይ መሆን አለባቸው። ደሴ ዳገት እንደማታጣ ይታወቃል። ዳገት መሆኑ ራሱ አያስቸግርም፣ ወጥ ሆኖ የሚወጣ ዳገትም ጠፍጣፋ ነው። ቄጤማ የተጎዘጎዘበት ወለል ደግሞ ገርሞኛል፣ ቀላል ነው። ሥርዓት የለሽ ስለሆነ መገጣጠሚያው አይለይም። የሚያስቸግረው ከሥሩ የተነጠፈው ባለጥለት ምንጣፍ ነው።

ምልክት፦ መጣፊያው አንዴ ይደምቃል፣ አንዴ ይጠቁራል

መንስኤ፦ መጣፊያው ቆሞ የቀረ ፎቶ ነው፣ በዙሪያው ያለው ብርሃን ግን ይለዋወጣል። ደሴ ላይ ደመና ፀሐይን ሸፈን ገለጥ ማድረግ ልማዱ ነው። ካሜራው አውቶ ላይ ከሆነ ደግሞ እሱም በራሱ ጊዜ ያደምቃል፣ ያጨልማል። ሁለቱ ተደምረው መሬት ላይ የተነጠፈ ሰሐን የሚመስል ክብ ይሠራሉ።

መፍትሄ፦ ከቀረጻ በፊት ኤክስፖዠሩንና ዋይት ባላንሱን በማንዋል ቆልፉ። የካሜራው ድርሻ በዚህ ያልቃል። ለደመናው ግን በኤዲቲንግ ፕሮግራማችሁ የመጣፊያውን ብርሃን በኪፍሬም ማስከተል ያስፈልጋል። ፀሐይ በገባችበትና በወጣችበት ሰከንድ ላይ ኪፍሬም ማድረግ አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል።

የጥላው ጉዳይ ለብቻው ነው። መጣፊያው ትራይፖዱን ይሸፍናል፣ የትራይፖዱ ጥላ ግን ከክቡ ወጥቶ መንገዱ ላይ ተጋድሞ ይቀራል። ደሴ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 11 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሆነች በሚያዝያና በነሐሴ አጋማሽ ገደማ ፀሐይ በቀትር ልክ አናት ላይ ትሆናለች። ኮምቦልቻም እዚያው ናት። ቀትር ስል ሰዓቱ 6:00 ሲል ማለቴ አይደለም፤ በዚህ አካባቢ ፀሐይ ከፍተኛ ቦታዋ ላይ የምትደርሰው 6:20 አካባቢ ነው። በዚያ ሰዓት ጥላው ከትራይፖዱ እግር ሥር ስለማይወጣ አብሮ ይሸፈናል። በጥርና በታኅሣሥ ግን በቀትርም ጥላው ወደ ሰሜን ይረዝማል፤ ያኔ ደመናማ ሰዓት መርጦ መቅረጽ ይሻላል።

ምልክት፦ ቀዳዳው ከትራይፖዱ እግር በላይ ሰፋ

መንስኤ፦ የትራይፖዱ ራስ። ብዙዎች የእግሩን ስፋት ብቻ ያስባሉ። ነገር ግን 5 ሴንቲ ሜትር ወደ ጎን የወጣ ራስ ከሌንሱ 10 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ ከተቀመጠ ወደ 27 ዲግሪ ይሸፍናል፤ በእኛ ምሳሌ ከእግሮቹ ይበልጣል ማለት ነው።

መፍትሄ፦ በካሜራውና በራሱ መካከል ቀጭን ዘንግ አስገቡ። ያው ራስ 40 ሴንቲ ሜትር ሲርቅ ወደ 7 ዲግሪ ይወርዳል። እግሮቹ እርስ በርስ የሚጠጉ ቀጭን መቆሚያ ደግሞ መጣፊያውን ያሳንሳል፣ ንፋስ ካለ ግን ከእግሩ ላይ አሸዋ ከረጢት አስሩበት።

መጣፊያው ባነሰ ቁጥር ሌላም ጣጣ ይቀንሳል። ሰው ወደ ካሜራው ሲጠጋ ጫማው መጣፊያው ሥር ይገባና እግሩ የተቆረጠ ይመስላል። ገበያ ቀን ላይ ይህ በየደቂቃው ይደርሳል። ለእነዚያ ሰከንዶች ብቻ መጣፊያውን በማስክ ከጫማው ላይ ማንሳት ይቻላል፤ አድካሚ ነው፣ ሌላ መንገድ ግን የለውም።

ምልክት፦ መጀመሪያ ላይ ገጥሞ የነበረው ቀስ እያለ ይንሸራተታል

ሁለት የተለያዩ መንስኤዎች አሉት፣ መለየት ያስፈልጋል። መጣፊያው ሳይሆን ዓለሙ ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ በዝግታ የሚዞር ከሆነ የካሜራው ማረጋጊያ ስሌት ነው የሚንሸራተተው። ትራይፖዱ ጽኑ ከሆነ ማረጋጊያውን አጥፍታችሁ እንደገና ኤክስፖርት አድርጉ። ወዲያና ወዲህ የሚወዛወዝ ከሆነ ግን ዘንጉን ንፋስ እየነቀነቀው ነው። ያኔ በተቃራኒው ማረጋጊያውን አብሩ፣ ከዚያ በኋላ ብቻ ጣፉ።

ምልክት፦ ተጠግኖ ሲጫን ቪዲዮው አይዞርም

ጠፍጣፋና የተለጠጠ ሆኖ ከታየ ፋይሉ 360 መሆኑን የሚናገረው መረጃ ቪዲዮው ተጠግኖ እንደገና ሲወጣ ጠፍቷል። ጉግል ያወጣውን Spatial Media Metadata Injector ክፈቱ፣ `My video is spherical (360)` የሚለውን ምልክት አድርጉና በአዲስ ስም አስቀምጡት። መጫን ያለበት ይህ አዲሱ ፋይል ነው።