ስቴፕድ ላይ ያማረው አኒሜሽን ስፕላይን ሲሆን ለምን ይበላሻል?

ዋና ዋናዎቹን ፖዞች ብቻ በምናስቀምጥበት ብሎኪንግ ላይ ሁሉም ነገር ደህና ነበር። ፖዞቹ ጥርት ብለዋል፣ ያየው ሰው ሁሉ «አሪፍ ነው» ብሏል። ከዚያ ኪዎቹን በሙሉ መርጣችሁ ወደ ስፕላይን ቀየራችሁ። ገጸ ባሕሪው ውሃ ውስጥ እንዳለ ሰው መንሳፈፍ ጀመረ፣ እጁ ያላዘዛችሁት ቦታ ተገኘ፣ ተረከዙ ወለሉ ውስጥ ሰጠመ።

ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የስፕላይን አይደለም። ችግሩ ቀድሞም ነበር፤ ስቴፕድ ሸፍኖት ነው።

እኔ የምሠራው በብሌንደር ነው። ብሌንደር እስከ ቀጣዩ ኪ ዝም የሚለውን ስቴፕድ `Constant`፣ በኪዎች መሀል ያለውን መንገድ ራሱ የሚያሰላውን ስፕላይን `Bezier` ይላቸዋል። በማያ የምትሠሩ ስሙና ቁልፉ ይለያችኋል እንጂ ምክንያቱ አንድ ነው።

አንድ ትዕይንት እንያዝ። አንድ አዛውንት ከበርጩማ ይነሳሉ። በሰከንድ 24 ፍሬም፣ በጠቅላላው 48 ፍሬም። ፍሬም 1 ላይ ግራ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። 16 ላይ ወደፊት አጎንብሰው በቀኝ እጃቸው ምርኩዙን ይጨብጣሉ። 24 ላይ መቀመጫቸው ከበርጩማው ተላቋል። 32 ላይ ቆመዋል፤ አምስተኛው ፖዝ 48 ላይም እንደቆሙ ናቸው።

ወደ `Bezier` ከቀየራችሁ በኋላ ፕሌይ አትበሉ። መጀመሪያ ፍሬም 16 ላይ ቁሙ። ፖዙ ያው የሠራችሁት ነው? መልሱ መንገዱን ለሁለት ይከፍለዋል።

ፖዙ ራሱ ተበላሽቷል

ፍሬም 16 ላይ ግራ እጃቸው ጉልበታቸው ላይ መሆን ነበረበት። አሁን ግን አየር ላይ ተንጠልጥሏል። ምክንያቱ ቀላል ነው፦ ለዚያ እጅ ኪ የሰጣችሁት ፍሬም 1 እና 32 ላይ ብቻ ነው። 16 እና 24 ላይ እጁ ስላልተንቀሳቀሰ ኪ ማድረግ አላስፈለጋችሁም። ስቴፕድ ላይ ኪ የሌለው እጅ ያለፈውን ኪ ዋጋ ይዞ ዝም ይላል፤ ስለዚህ ልክ ይመስላል። ስፕላይን ግን ከ1 እስከ 32 ያለውን መንገድ በሙሉ ያሰላዋል። ፍሬም 16 ላይ እጁ ግማሽ መንገድ ደርሷል ማለት ነው።

እዚህ ጋ ብዙ ሰው የሚሳሳተው፣ እዚያው ስፕላይን ላይ ሆኖ እጁን እየጎተተ ማስተካከል ሲጀምር ነው። እኔም አንድ ጊዜ ለደንበኛ የምሠራውን ሾት እንዲህ ስጎትት አድሬ፣ ጠዋት ሳየው ደንበኛው ያጸደቀው ፖዝ አንዱም አልቀረም ነበር። እንደዚያ አታድርጉ። ወደኋላ ተመለሱ። `Dope Sheet` ውስጥ ሁሉንም ኪ መርጣችሁ `T` ተጫኑና `Constant` በሉ። የኪዎቹ ዋጋ ስላልተነካ ፖዞቹ እንደነበሩ ይመለሳሉ። ከዚያ በየፖዙ ፍሬም ላይ እየቆማችሁ፣ በ`A` አጥንቶቹን በሙሉ ምረጡና `K` ተጭናችሁ `Whole Character` ስጡ። ከ4.1 በፊት ባሉት ብሌንደሮች ይኼ ሜኑ የሚከፈተው በ`I` ነው። አምስት ፖዝ፣ አምስት ጊዜ። ስቴፕድ ላይ ሆናችሁ ካላደረጋችሁት የተበላሸውን ፖዝ ነው የምታጸድቁት።

ፖዙ ደህና ነው፣ መሀሉ ግን ይንሳፈፋል

ፍሬም 16 ልክ ከሆነ አሁን ፍሬም 8 ላይ ሂዱ። ስቴፕድ ላይ አዛውንቱ እዚህ ቁጭ ብለው ነበር። አሁን በግማሽ አጎንብሰዋል። መንሳፈፍ የምንለው ይኼን ነው።

ስቴፕድ ላይ 15 ፍሬም ጸጥ ብለው ይቀመጡና 16 ላይ ድንገት አጎንብሰው ይገኛሉ። ዓይናችን ያንን «ተቀምጠው ቆዩና ለመነሳት ወሰኑ» ብሎ ያነበዋል። ስፕላይን ይኼን አያውቅም። ሁለት ኪ ሰጣችሁት፣ እሱም እንቅስቃሴውን በ15ቱም ፍሬም ላይ አከፋፈለው። ዝምታው ጠፋ።

ስለዚህ ወደ `Constant` ተመልሳችሁ ዝምታውን ራሳችሁ ኪ ማድረግ አለባችሁ። `Dope Sheet` ላይ የፍሬም 1ን ዓምድ በሙሉ ምረጡ፣ በ`Shift D` ቅዱት፣ 11 ላይ አስቀምጡት። አሁን እስከ 11 ይቀመጣሉ፤ ማጎንበሱ ከ11 እስከ 16 በአምስት ፍሬም ያልቃል። ቅጂው ግን ፍጹም አንድ ዓይነት ከሆነ ሰውዬው ፎቶ ይመስላሉ። 11 ላይ አገጫቸውን በጥቂቱ ዝቅ፣ ደረታቸውን በጥቂቱ ሞላ አድርጉት። ተመልካች ልብ አይለውም፤ ትንፋሻቸው ግን አይቋረጥም።

ቀጥሎ 13 ላይ ብሬክዳውን፣ ማለትም በሁለቱ ፖዞች መሀል ያለውን መሸጋገሪያ ፖዝ አስገቡ። ጭንቅላት ቀድሞ ይሂድ፣ ዳሌ ወደኋላ ይቅር። ይኼን ካልሰጣችሁት ስፕላይን መላ ሰውነቱን እኩል አስነስቶ እኩል ያሳርፈዋል፤ እንደ በር ማለት ነው።

በዚሁ መንገድ የ16ን ፖዝ ወደ 20 ቅዱት፣ ምርኩዙን ተደግፈው ኃይል የሚያሰባስቡበት ነው። 22 እና 28 ላይ ብሬክዳውን፣ 38 ላይ መረጋጋት፣ 48 ላይ ደግሞ ትንሽ የተለወጠ ቅጂ። አምስቱ ፖዝ አሥራ አንድ ሆነ። ይኼ ሁሉ የሚሠራው ገና ስቴፕድ ላይ እያላችሁ ነው። እኔ ጸጥታ ያልሆነ ከአምስት ፍሬም በላይ ባዶ ክፍተት ካየሁ `Bezier`ን አልነካውም።

ምርኩዙ በራሱ እየበረረ እጃቸው ውስጥ ይገባል

ይኼ ያስቃል፣ ግን ሰዓት ይበላል። ምርኩዙን ከእጁ ጋር ያያዛችሁት በ`Child Of` ነው። የ`Influence` ዋጋው ፍሬም 1 ላይ 0፣ 16 ላይ 1 ነው። ሁሉንም ኪ በአንድ ላይ ስትቀይሩ እሱም ተቀየረ፤ ከ0 ወደ 1 ቀስ እያለ ሲሄድ ምርኩዙ አየር ላይ ይንሸራተታል። የ`Influence`ን ከርቭ ብቻ መርጣችሁ በ`T` ወደ `Constant` መልሱት። በአይኬና በኤፍኬ መካከል የሚቀያይረውም እንደዚሁ ነው። ማብሪያ ማጥፊያ የሆነ ነገር ሁሉ ስቴፕድ ሆኖ ይቅር።

ተረከዙ ወለል ውስጥ ይሰጥማል

ቀኝ እግራቸው 28 ላይ ተነስቶ 32 ላይ ያርፋል፤ 38 ላይም እዚያው ነው። ከ32 በኋላ ግን ለጥቂት ፍሬም ከወለል በታች ይወርድና ይመለሳል። የሚሰጥመው ኪ ላይ ሳይሆን በሁለት ኪ መሀል ከሆነ ምክንያቱ የኪው እጀታ ነው። `Automatic` እጀታ ከ28 የመጣውን ቁልቁለት ይዞ 32ን ያልፋል። `Graph Editor` ውስጥ ኪዎቹን መርጣችሁ `V`፣ ከዚያ `Auto Clamped`። 32 ላይ ከርቩ ይተኛል።

አንጓው ዙሪያውን ይሽከረከራል

`Graph Editor` ላይ የሽክርክሩን ዋጋ እዩ። አንዱ ኪ 170፣ ቀጣዩ -170 ዲግሪ ከሆነ፣ ለዓይን የ20 ዲግሪ ልዩነት ያላቸው ፖዞች ናቸው፤ ስፕላይን ግን 340 ዲግሪ ይዞራል። ሦስቱንም የሽክርክር ከርቮች ምረጡና ከ`Key` ሜኑ `Discontinuity (Euler) Filter` በሉ። አጥንቱ በ`Quaternion` የሚዞር ከሆነ ይኼ ማጣሪያ አይነካውም።

በነገራችን ላይ፣ `Preferences` ውስጥ `Default Interpolation`ን `Constant` አድርጋችሁ ሳለ አዲሱ ኪ `Bezier` ሆኖ ቢገባ አትደንግጡ። ኪ ባለበት ከርቭ ላይ አዲስ ኪ ሲገባ ከእሱ በፊት ያለውን ኪ ዓይነት ነው የሚወርሰው። መርጣችሁ በ`T` ትቀይሩታላችሁ።