ፖዘቲቭ የሚል ውጤት ሲመጣ የምንሳሳታቸው ስህተቶች

አንድ ማታ የጎረቤታችን ልጅ በሬን አንኳኳ። እዚሁ ደሴ ባጃጅ የሚነዳ፣ ሃያ አምስት ያልሞላው ወጣት ነው። ከሁለት ሳምንት በፊት ደም ለግሶ ነበር። በሬን ባንኳኳበት ቀን ተደውሎለት ሲሄድ፣ በለገሰው ደም ላይ የተደረገው የኤችአይቪ ምርመራ ፖዘቲቭ ምልክት እንዳሳየና እንደገና መመርመር እንዳለበት ተነገረው። «ምርመራው ሊሳሳት አይችልም ወይ?» ብሎ ቢጠይቅ፣ ያነጋገረው ሰው «99 ከመቶ ትክክል ነው» አለው። ከዚያ በኋላ የተባለውን አልሰማም።

«እንግዲህ ጋሼ፣ የቀረችኝ አንድ ከመቶ ናት» አለኝ፣ ገና ሳይቀመጥ።

ብዙ ዓመት ሒሳብ ያስተማርኩ ሰው ነኝ። የተነገረው ቁጥር ውሸት እንዳልነበረ ያኔውኑ ገባኝ። ከቁጥሩ ተነስቶ የደረሰበት ድምዳሜ ግን ስህተት ነበር፤ ስህተቱ የእሱ ብቻ ሳይሆን የነገረውም ሰው ነው። ያን ማታ ወረቀት ላይ ያሳየሁትን እዚህ አንድ በአንድ ላስቀምጠው።

ጥያቄውን መገልበጥ

ደሴ ላይ ዝናብ ሲጥል የጦሳ ተራራ በጉም መሸፈኑ አይቀርም። ታዲያ ጠዋት ተነስተን ጦሳን በጉም ተሸፍኖ ብናየው «ዛሬ መዝነቡ አይቀርም» እንላለን? የደሴ ሰው አይልም። ጉሙ በብዙ ደረቅ ቀንም ይወርዳል፤ ረፋድ ላይ ተገፎ ፀሐይ የሚወጣበት ጊዜ ብዙ ነው። «ዝናብ ካለ ጉም የመኖሩ ዕድል» እና «ጉም ካለ ዝናብ የመኖሩ ዕድል» ሁለት የተለያዩ ቁጥሮች ናቸው። ጉምን A፣ ዝናብን B ብንል፣ በሒሳብ አጻጻፍ የመጀመሪያው `P(A|B)` ሲሆን ሁለተኛው `P(B|A)` ነው፤ ቋሚዋ መስመር «ይህ እንደሆነ ከታወቀ» ማለት ናት። ቦታ ሲቀያየሩ መልሱም ይቀየራል።

የምርመራው ነገር እንደዚሁ ነው። 99 ከመቶ የሚለው ቁጥር የሚናገረው ቫይረሱ ስላለበት ሰው ነው፦ ቫይረሱ ካለበት ምርመራው ፖዘቲቭ የማለት ዕድሉ። ልጁ የፈለገው ግን ተቃራኒውን ነው፦ ፖዘቲቭ ከተባልኩ ቫይረሱ ያለብኝ ዕድል ስንት ነው? የመጀመሪያውን ቁጥር አንስቶ ለሁለተኛው ጥያቄ መልስ ማድረግ ጉም ያየ ሁሉ ዣንጥላ ይዘርጋ እንደማለት ነው።

ጤነኞቹን አለመቁጠር

ትልቁ ስህተት ይህ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት።

አሥር ሺህ ደም ለጋሾች ሆጤ ሜዳ ላይ ተሰብስበዋል እንበል። ለጋሾች ደም ከመስጠታቸው በፊት ስለ ጤናቸውና ስለ አኗኗራቸው ስለሚጠየቁ፣ በመካከላቸው ቫይረሱ ያለበት ሰው ከሌላው ሕዝብ ያነሰ ነው። ለስሌት ያህል ከሺህ ሁለት እንውሰድ፤ ከአሥር ሺህ ውስጥ 20 ሰዎች ማለት ነው። ምርመራው ቫይረሱ ካለባቸው 99 ከመቶውን ይይዛል፣ ከሌለባቸው ደግሞ 99 ከመቶውን በትክክል ኔጌቲቭ ይላል እንበል።

20ዎቹን ሁሉንም ያዛቸው ማለት እንችላለን። አሁን ወደ ቀሩት 9,980 ጤነኞች እንምጣ። ምርመራው ከእነሱ አንድ ከመቶውን ይሳሳታል። አንድ ከመቶ ትንሽ ናት፤ የምትነሳው ግን ከብዙ ሕዝብ ላይ ነው። የ9,980 አንድ ከመቶ ወደ 100 ሰው ይጠጋል።

ስለዚህ ስልክ የሚደወልላቸው 120 ሰዎች ናቸው፤ 20ው በእውነት፣ 100ው በስህተት። ልጁ ከእነዚህ 120 አንዱ ነው። ሌላ ምንም የምናውቀው ነገር ከሌለ ቫይረሱ ያለበት ዕድል ከስድስት አንድ ነው። እሱ ግን ከመቶ ዘጠና ዘጠኝ ነው ብሎ ነበር በሬ ላይ የቆመው።

«ምርመራው የተሻለ ቢሆንስ?» ብሎ ጠየቀኝ። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ዛሬ የሚሠራባቸው መሣሪያዎች በእርግጥም ከዚህ የተሻሉ ናቸው። ከጤነኞቹ የሚሳሳተው ከሺህ ሁለት ብቻ ቢሆን በስህተት የሚጠሩት 20 ሰው ገደማ ይሆናሉ። ሃያ በእውነት፣ ሃያ በስህተት፤ ሳንቲም እንደመወርወር። በሽታው ብርቅ በሆነ መጠን እጅግ ጥሩ የሚባል ምርመራ እንኳ የሚያነሳው የሐሰት ማንቂያ ከእውነተኛው ጋር ይስተካከላል፣ አንዳንዴም ይበልጠዋል።

ይህን ባለማየት የሚሳሳቱት ባጃጅ ነጂዎች ብቻ አይደሉም። እ.ኤ.አ. በ1978 አሜሪካ፣ በሃርቫርድ የማስተማሪያ ሆስፒታሎች ለ60 ሐኪሞችና የሕክምና ተማሪዎች አንድ ጥያቄ ቀርቦላቸው ነበር፦ በሽታው ከሺህ አንድ ሰው ላይ ይገኛል፣ ምርመራው ከጤነኞች አምስት ከመቶውን በስህተት ፖዘቲቭ ይላል፤ ፖዘቲቭ የወጣው ሰው በሽታው ያለበት ዕድል ስንት ነው? ከሁሉም በብዛት የተሰጠው መልስ 95 ከመቶ ነበር። ትክክለኛው 2 ከመቶ ገደማ ነው፤ ያገኙት 11 ሰዎች ብቻ ናቸው። አንባቢ በሆጤ ሜዳው መንገድ ራሱ ሊያወጣው ይችላል፦ ከሺህ ሰው አንድ በሽተኛ፣ በስህተት የሚያዙ ደግሞ 50 ሰው።

የዚህ ስሌት ቀመር በቶማስ ቤይዝ ስም ይጠራል፤ ሥራው የታተመው እሱ ከሞተ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1763 ነው። ተማሪዎቼ ቀመሩን ሸምድደው ፈተና ላይ ሲጽፉት አይቻለሁ፤ በወር ውስጥ ይጠፋባቸዋል። ሰው ቆጥረው የሠሩት ግን ከዓመታት በኋላም ያስታውሱታል። ስለዚህ በመቶኛ አትጀምሩ፣ በሰው ጀምሩ።

«99 ከመቶ ትክክል» የሚለውን እንደ አንድ ቁጥር መቀበል

ይህ አነጋገር ሁለት ነገር ይቀላቅላል። አንዱ ምርመራው በሽተኛውን የመያዝ ችሎታው፣ ሌላው ጤነኛውን በነፃ የማሰናበት ችሎታው ነው። ለእነዚያው አሥር ሺህ ሰዎች ምንም ሳይመረምር ለሁሉም «ኔጌቲቭ» ብሎ የሚጽፍ ሰው አለ እንበል። 9,980 ጊዜ ትክክል ነው፤ ከ99 ከመቶ በላይ! ግን አንድም በሽተኛ አልያዘም። «ትክክል ነው» የሚላችሁን ሰው በማን ላይ እንደሆነ ጠይቁት።

የሐሰት ማንቂያውን እንደ ብልሽት መቁጠር

ልጁ በመጨረሻ የ100ዎቹ ነገር ሲገባው ተናደደ። «ታዲያ ይሄን የተበላሸ ምርመራ ለምን ይጠቀሙበታል?» አለ። አልተበላሸም። የደም ምርመራው ሰውነት ቫይረሱን ለመከላከል የሚሠራቸውን ፀረ እንግዳ አካላት ፈልጎ፣ ሲያገኝ ቀለም ያወጣል፤ መሣሪያው የቀለሙን ድምቀት ለክቶ ከተወሰነ መስመር በላይ ከሆነ ፖዘቲቭ ይለዋል። መስመሩ ዝቅ ሲል የሚያመልጥ ያንሳል፣ በስህተት የሚጠራ ይበዛል። ከፍ ሲል ደግሞ ተቃራኒው ነው። የደም ባንክ ሥራ ለሌላ ሰው የሚሰጠውን ደም መጠበቅ ነው። አንድ የተበከለ ከረጢት ቢያመልጥ ወላድ ወይም አደጋ የደረሰበት ሰው ይያዛል። አንድ ጤነኛ ከረጢት ቢጣል የሚጠፋው ያ ከረጢት ነው። ስለዚህ ወደ ጥርጣሬ ያዘነበለ ምርመራ መምረጡ ልክ ነው። ያ የመጀመሪያ ምልክት ለከረጢቱ የተሰጠ ውሳኔ ነው፤ ለሰውየው ገና ምንም አልተወሰነም። ያጠፋው ሰው ካለ፣ ይህን ልዩነት ለልጁ ሳይነግር የላከው ነው።

በዚያው መሣሪያ ደጋግሞ መመርመር

ብዙ ሰው «እንደገና ይታይልኝ» ሲል የሚያስበው ያንኑ ምርመራ መድገም ነው። የመጀመሪያው ስህተት ከናሙና መቀያየር ወይም ከእጅ ስህተት የመጣ ከሆነ መድገሙ ይረዳል። ግን በሰውየው ደም ውስጥ ያለ ሌላ ፀረ እንግዳ አካል ያንን መሣሪያ የሚያታልለው ከሆነ፣ አሥር ጊዜ ቢደገምም አሥር ጊዜ ይታለላል። ያኔ አሥሩ ውጤት እንደ አንድ ምስክር ነው የሚቆጠረው።

የሚያስፈልገው በሌላ መንገድ የሚሠራ፣ የተለየ መሣሪያ ነው። ከሆጤ 120 ሰዎች ውስጥ ሁለተኛው ምርመራ 20ዎቹን እንደገና ይይዛል፤ ከ100ዎቹ ደግሞ አንድ ከመቶውን፣ አንድ ሰው ያህል፣ ይሳሳታል። አሁን ሁለቴ ፖዘቲቭ ከወጣላቸው 21 ሰዎች 20ዎቹ በእርግጥ ቫይረሱ አለባቸው። ከስድስት አንድ የነበረው ከ95 ከመቶ አለፈ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ አንድን ሰው ኤችአይቪ አለብህ ከማለት በፊት በተከታታይ ሦስት የተለያዩ ምርመራዎች ፖዘቲቭ መውጣት አለባቸው ያለው ከዚህ የተነሳ ነው፤ የሚያዙት ሰዎች ቁጥር እያነሰ ሲሄድ የሐሰት ማንቂያው ድርሻ እየጨመረ ነው የሚመጣው።

ከስድስት አንድን ለሁሉም ሰው መስጠት

ይህን ጽሑፍ አንብቦ «ፖዘቲቭ ማለት ምንም አይደለም» የሚል ሰው እንዳይኖር እፈራለሁ፤ ይህም ስህተት ነው፣ ከሌሎቹ የከፋ። ከስድስት አንድ የሚለው የሆጤ ለጋሾች ቁጥር ነው። ያው ምርመራ ሐኪም በምልክት ተጠራጥሮ ለላካቸው፣ ወይም የትዳር ጓደኛቸው ቫይረሱ እንዳለበት ለታወቀ ሰዎች ቢደረግስ? ከእነሱ ከአምስት አንዱ ተይዟል እንበል። ከአሥር ሺህ 2,000 ተይዘዋል፤ ምርመራው 1,980ውን ያገኛል። ከ8,000 ጤነኞች 80ውን ይሳሳታል። ፖዘቲቭ ከወጡት 2,060 ውስጥ 1,980ው፣ 96 ከመቶ፣ በእርግጥ ተይዘዋል። መሣሪያው ያው፣ ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ቃልም ያው ነው። የተለየው ሰውየው ከየት ወደ ምርመራው እንደመጣ ነው። ስለዚህ አንድ ሰው ውጤቱን ከማንበቡ በፊት ለምን እንደተመረመረ መጠየቅ አለበት፤ የማረጋገጫ ምርመራው ግን ለሁለቱም ግዴታ ነው።

ልጁ በማግስቱ ሄዶ በተለያዩ መሣሪያዎች ተመረመረ፤ ኔጌቲቭ ወጣ። በቅርብ የተያዘ ሰው ሰውነቱ ፀረ እንግዳ አካል እስኪሠራ ሳምንታት ሊወስድ ስለሚችል ቆይቶ እንዲመለስ ተቀጠረ። በቀጠሮውም ኔጌቲቭ ነበር።

እናቱ ያን ወረቀት እንዳሳያት ብላ መጣች። ሆጤ ሜዳውን፣ 120ዎቹን፣ 100ዎቹን አሳየኋት። ልጇ ከ100ዎቹ መሆኑ ሲገባት ጣቷን አንስታ ሌላው ቁጥር ላይ አሳረፈች።

«የነዚህ ሃያዎቹስ ነገር እንዴት ይሆናል፣ ጋሼ?»

መድኃኒቱን ወዲያው ጀምረው በየቀኑ ከወሰዱት ቫይረሱ በደማቸው ውስጥ በምርመራ እስከማይታይ ድረስ እንደሚቀንስ፣ እንዲያ ከሆነ በኋላም በግንኙነት ለትዳር ጓደኛቸው እንደማያስተላልፉት ነገርኳት። ያን ካልተመረመሩ አያገኙትም። ወረቀቱን አጥፋ ነጠላዋ ጫፍ ላይ ቋጠረችው።