ነጭ ኩባያ በነጭ ዳራ፦ ጥርት ያለ የምርት ፎቶ በነፃ መተግበሪያ እንዴት እንደሚዘጋጅ

በስልክ የተነሳ ነጭ ዕቃ ብዙውን ጊዜ ነጭ ሆኖ አይወጣም። የካሜራው ብርሃን መለኪያ ከፊቱ ያለው ነገር በአማካይ መካከለኛ ግራጫ ነው ብሎ ስለሚነሳ፣ ነጭ ነገር ሲበዛበት ብርሃኑ ከመጠን ያለፈ መስሎት ፎቶውን ያጨልመዋል። ጥቁር ዕቃ ሲያጋጥመው ደግሞ በተቃራኒው ያነጣውና ጥቁሩን አመድማ ያደርገዋል። በአነስተኛ የመስመር ላይ ሱቅ ለሚሸጥ ሰው ከሁሉም የሚያስቸግረው ነጭ ዕቃ በነጭ ዳራ ላይ ሲሆን ነው፤ እሱን ማስተካከል የቻለ ሰው ሌላው አይከብደውም። ስለዚህ ጠርዙ ሰማያዊ የሆነ አንድ ነጭ የሸክላ ኩባያ ወስደን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እንሠራዋለን።

መሣሪያችን Snapseed የተባለው የጉግል መተግበሪያ ነው። በአንድሮይድም በአይፎንም በነፃ ይገኛል፤ በተዘጋጀው ፎቶ ላይም የራሱን ምልክት አያትምም። በኮምፒውተር መሥራት የሚመርጥ ሰው በድር ማሰሻ የሚከፈተውን Photopea መጠቀም ይችላል፤ የአሠራሩ ቅደም ተከተል ግን ያው ነው። ሁለት ሦስት መተግበሪያ እያፈራረቁ ከመሥራት አንዱን በደንብ መልመድ ይሻላል ባይ ነኝ፤ ፎቶው ከመተግበሪያ ወደ መተግበሪያ በተሸጋገረና እንደገና በጄፔግ በተቀመጠ ቁጥር ጥራቱ በጥቂት በጥቂቱ ይሸረሸራልና።

ፎቶውን ማንሳት

ኩባያውን በመስኮት አጠገብ፣ ፀሐይ በቀጥታ በማያርፍበት ቦታ ያስቀምጡ። ከሥሩ አንድ ትልቅ ነጭ ወረቀት ዘርግተው የወረቀቱን ጫፍ ሳያጥፉ ከበስተኋላ ወደ ላይ እንዲቀለበስ ያድርጉት፤ እንዲህ ሲሆን ጠረጴዛውና ግድግዳው የሚገናኙበት መስመር አይታይም። የክፍሉን አምፖል ያጥፉ። የመስኮት ብርሃን ወደ ሰማያዊ፣ አምፖሉ ደግሞ ወደ ቢጫ ስለሚያደላ፣ ሁለቱ ከተቀላቀሉ የኩባያው አንድ ጎን ሰማያዊ ሌላው ጎን ቢጫ ይሆናል፤ ይህን ደግሞ አንድ የቀለም እርማት ሁለቱንም ጎን በአንድ ጊዜ ሊያስተካክለው አይችልም። ሌንሱን በንጹሕ ጨርቅ ይጥረጉ። ስልኩን ዕቃው ላይ ከመደቀን ይልቅ አንድ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ይበሉ፤ በጣም ቀርቦ የተነሳ ኩባያ አፉ ሰፍቶ ሥሩ ጠብቦ ይታያልና።

በስክሪኑ ላይ ኩባያውን ነክተው ትኩረቱን ካስያዙ በኋላ ብርሃኑን በጥቂቱ ከፍ ያድርጉ፤ ነገር ግን ወረቀቱ ሙሉ ነጭ እስኪሆን ድረስ አይግፉት። ጥቂት የጨለመ ፎቶ በኋላ ይነጣል፤ ብርሃን በዝቶበት የጠፋ ዝርዝር ግን በምንም መተግበሪያ አይመለስም።

ቀለሙን ማስተካከል

ማንኛውንም ነገር ከመንካትዎ በፊት ስልክዎ ለዓይን ዕረፍት ሲባል ስክሪኑን የሚያሞቀው የማታ ማጣሪያ በርቶ እንደሆነ ይመልከቱና ያጥፉት። እኔ ይህን ረስቼ አንድ ምሽት ሙሉ ያስተካከልኳቸው ፎቶዎች በማግስቱ ሁሉም ሰማያዊ ሆነው ስላገኘኋቸው እንደገና ከመጀመሪያው ለመሥራት ተገድጃለሁ።

ፎቶውን በ Snapseed ይክፈቱ። በ Crop አራት እኩል ጎን ባለው ልክ ይቁረጡት፤ ኩባያው ጠሞ ከሆነ በ Rotate ያቅኑት። ከዚያም White Balance የሚለውን መሣሪያ ይምረጡ። እዚያ የጠብታ መቅጃ ምልክት አለ፤ እሱን ነክተው በሚታየው መስቀል ወረቀቱ ላይ ጥላ የሌለበትን ቦታ ይምረጡ። በዚህ ጊዜ ለመተግበሪያው የነገሩት «ይህ ቦታ ቀለም የለውም» የሚል ነው፤ እሱም የቀረውን ሁሉ በዚያው ልክ ያስተካክላል። የተመረጠው ነጥብ ኩባያው ላይ መሆን የለበትም፤ ነጭ የሚመስል ሸክላ ብዙ ጊዜ ወደ ክሬም ያደላልና፣ ገዢው ሊያየው የሚገባው ያ የክሬም ድባብ ይጠፋል።

እርማቱ ትክክል መሆኑን የሚያሳየው ሰማያዊው ጠርዝ ነው። ኩባያውን ከስክሪኑ አጠገብ ይዘው ያነጻጽሩ። ጠርዙ ወደ ሐምራዊ ካደላ Tint የሚለውን በጥቂቱ ወደ አረንጓዴ ይመልሱት። ቀለሙን ለማድመቅ ሲባል Saturation መጨመር ግን አይመከርም፤ ፎቶው ሊያምር ይችላል፤ ዕቃው ሲደርሰው ሌላ ቀለም ያየ ገዢ ግን ይመልሰዋል።

ዳራውን ማንጣት፣ ጠርዙን ማዳን

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ዳራው እንዲነጣ Brightness እስከ ጥግ ይገፋል፤ ዳራው እውነትም ይነጣል፣ ኩባያውም አብሮ ነጥቶ ጠርዙ አየር ላይ የቀረ ሰማያዊ ቀለበት ይሆናል። ነጭ ዕቃ ከነጭ ዳራ የሚለየው በጎኑ ባለችው ቀጭን ግራጫ ጥላ ብቻ ነው፤ እሷ ከጠፋች ኩባያው ቅርጽ የለውም።

ስለዚህ ሥራውን በሁለት ይክፈሉት። መጀመሪያ Curves ከፍተው የመስመሩን መሃል ይዘው በጥቂቱ ወደ ላይ ያንሱት። ሁለቱ ጫፎች ስላልተነኩ መካከለኛው ግራጫ ብቻ ይፈካል፤ ጥቁሩና ነጩ ቦታቸውን አይለቁም። ኩባያው በዓይን እንደሚታየው ሲሆን ያቁሙ፤ ዳራው ገና አመድማ ቢሆንም ግድ የለም።

ቀጥሎ Brush ውስጥ Exposure የሚለውን መርጠው መጠኑን በትንሹ ከፍ አድርገው ወረቀቱን ብቻ በጣት ይቀቡት። የብሩሹ ስፋት በስክሪኑ ላይ ስለማይለወጥ፣ ወደ ኩባያው ሲቃረቡ ፎቶውን በሁለት ጣት ያጉሉት፤ ፎቶው በጎላ ቁጥር ብሩሹ የሚነካው ቦታ ይጠባል። በኩባያው ጎኖች አጠገብ ጠባብ የግራጫ ዳር ይተው። ኩባያው የተቀመጠበትንም የሥር ጥላ አያጥፉት፤ ያለ እሱ ዕቃው ተንሳፍፎ ይታያል። በመጨረሻ የስክሪኑን ብርሃን ቀንሰው ይመልከቱ፤ የኩባያው ሁለቱም ጎኖች አሁንም ከዳራው ተለይተው ከታዩ ተሳክቷል።

አቧራና ጭረት ካለ በ Healing አንድ በአንድ ይነኩት፤ ዕቃው ላይ ራሱ ያለ ጉድለት ግን መሸፈን የለበትም። ከዚያ Details ውስጥ Structure ን ጥቂት ይጨምሩ። የሸክላው ለስላሳ ፊት እንደ አሸዋ መጎርበጥ ከጀመረ አልፈዋል ማለት ነው፤ ይመልሱት።

ማስቀመጥና መላክ

በ Export ሲያስቀምጡ የተስተካከለው ፎቶ ለብቻው ይቀመጣል፤ ዋናውን ፎቶ አይደምስሱት። በዚያው ብርሃን የተነሱ ሌሎች ኩባያዎች ካሉ የመጨረሻውን አሠራር Last edits በሚለው በኩል በአዲሱ ፎቶ ላይ መድገም ይቻላል። የሚደገመው ግን የቀለሙና የብርሃኑ እርማት ብቻ እንዲሆን ብሩሹንና የአቧራ ማጥፊያውን ከ View edits ዝርዝር ያውጧቸው፤ በጣት የተቀባው ቦታ በሌላ ኩባያ ላይ ልኩን አይመጣም። ፎቶውን ወደ ኮምፒውተር ወይም ለባልደረባ በቴሌግራም የሚልኩ ከሆነ ደግሞ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ይላኩት፤ እንደ ፎቶ የተላከ ምስል ተጨምቆ ስለሚሄድ በጥንቃቄ ያተረፏት ቀጭን ግራጫ ጥላ መጀመሪያ የምትበላሸው እዚያ ነው።