የሌሊት ጥበቃ ፈረቃ፦ የቅኝት ዙርንና ያጋጠመን ነገር በስልክ እንዴት መመዝገብ ይቻላል

ድሬዳዋ ውስጥ መጋዘን ወይም የኮንቴይነር ግቢ የሚጠብቅ ሰው ብዙውን ጊዜ ከማታ 12 ሰዓት እስከ ጠዋት 12 ሰዓት ይቆማል። አንድ ነገር ጎድሎ ቢገኝ ጠዋት መጀመሪያ የሚጠየቀው «መቼ ነው?» የሚለው ነው። ዕቃው መጨረሻ ላይ በቦታው የታየበት ሰዓትና መጥፋቱ የታወቀበት ሰዓት ካልተያዙ፣ ጥርጣሬው ሌሊቱን ሙሉ ግቢ ውስጥ በነበረው ሰው ላይ ይወድቃል። ከዚህ በታች ያለው አሠራር ለአንድ ጠባቂ፣ ለአንድ ተራ ስማርት ስልክና ሽፍት መሪው ላለበት የቴሌግራም ግሩፕ የተዘጋጀ ነው።

መጀመሪያ ሰዓቱን ያስተካክሉ

በስልክ ምዝገባ ላይ ትልቁ ስህተት የሚመጣው ከሰዓት አቆጣጠር ነው። ስልኩ 8:00 PM ሲል እኛ ዘንድ ማታ 2 ሰዓት ነው፤ 2:00 AM ሲል ደግሞ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነው። አንድ ጠባቂ «2:00 ላይ ድምፅ ሰማሁ» ብሎ ቢጽፍ አንባቢው ማታ 2 ይሁን ከሌሊቱ 8 መለየት አይችልም። በመካከላቸው ስድስት ሰዓት አለ። ስለዚህ በመዝገቡ ላይ ቁጥሩን ብቻውን አይጻፉ፤ ሁልጊዜ «ማታ»፣ «ሌሊት» ወይም «ጠዋት» ይጨምሩበት። ከሽፍት መሪው ጋር በኛ ሰዓት ለመጻፍ ይስማሙና እስከ ንጋት አይቀይሩ።

ቀኑም ያሳስታል። ስልኩ ቀን የሚቀይረው ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ስለሆነ አንድ ፈረቃ ሁለት ቀን ይይዛል። የመዝገቡን የመጀመሪያ መስመር «ሰኞ ጥር 5 ለማክሰኞ ጥር 6 አጥቢያ 2017» ብለው ከጀመሩ ማንም አይሳሳትም። የስልኩ ካሜራ ፎቶውን IMG_20250114_021742.jpg ብሎ ቢሰይመው፣ ያ ማለት በፈረንጆቹ ጃንዋሪ 14 ቀን 2025፣ በኛ የዚያው የጥር 6 አጥቢያ፣ ከሌሊቱ 8:17 ነው። በስልኩ መቼት ውስጥ ሰዓቱ በራሱ እንዲስተካከል የሚያደርገው ምርጫ መብራቱንም ያረጋግጡ። በእጅ የተሞላ ሰዓት አምስት ደቂቃ ቢዛነፍ የፎቶው ማስረጃነት ይላላል።

ሲረከቡ

ከቀን ተረኛው ጋር አብረው ግቢውን ይዙሩ። በር ላይ ቆሞ «ሁሉም ደህና ነው» መባባል ርክክብ አይደለም። ጓጉንቸሮቹን በየተራ ወደ ታች ሳብ ያድርጉ፤ ቁልፍ ያለዎትን ደግሞ አንድ ጊዜ ከፍተው ይዝጉ። ይህን የምንለው በምክንያት ነው፦ ሌባ ቀን ላይ ጓጉንቸሩን በተመሳሳይ ቀይሮ ይሄድና ሌሊት በራሱ ቁልፍ ይከፍታል። ከውጭ ሲያዩት ምንም አልተሰበረም። የርስዎ ቁልፍ እምቢ ካለ ግን ነገሩ ያኔ ይታወቃል።

ከጅቡቲ የመጣ ኮንቴይነር ካለ በሩ የታሸገበት ብረት፣ ማለትም ሲሉ፣ ቁጥር አለው። ሲሉ መኖሩን አይቶ ማለፍ በቂ አይደለም። ቁጥሩን ከወረቀቱ ጋር ያመሳክሩ፤ ከዚያም በእጅዎ ይሳቡት፤ ተቆርጦ በማጣበቂያ የተመለሰ ከሆነ ይለቃል። ፎቶ ሲያነሱ የካሜራውን ፍላሽ ያጥፉ። ፍላሽ ብረት ላይ ነጭ ሆኖ ይመለስና ቁጥሩን ይውጠዋል። የእጅ ባትሪዎን ከጎን ዝቅ አድርገው ቢያበሩበት በብረቱ ላይ የተቀረጸው ቁጥር ጥላ ይሠራና ጥርት ብሎ ይነበባል።

የስልኩን ባትሪ ሙሉ አድርገው ይግቡ፤ ፓወር ባንክም ይያዙ። በስልኩ መብራት አይዙሩ፤ ባትሪውን ይጨርሳል፣ አንድ እጅዎንም ይይዝብዎታል። ለዙሩ የእጅ ባትሪ፣ ለምዝገባ ስልክ። የሽፍት መሪውንና የአካባቢውን ፖሊስ ጣቢያ ቁጥር ስልኩ ውስጥ ብቻ ሳይሆን ወረቀት ላይም ጽፈው ኪስዎ ይክተቱ።

ዙሩ

ግቢውን በስድስት ያህል ነጥቦች ይክፈሉትና ቁጥር ይስጧቸው፦ ዋናው በር፣ የጀርባው አጥር፣ የመጋዘኑ በር፣ የኮንቴይነሮቹ ረድፍ፣ ጀኔሬተሩ፣ ቢሮው። ነጥቦቹ ቁጥር ካላቸው አጥር ጥግ ቆሞ ረጅም መግለጫ መጻፍ አያስፈልግም፤ «ነጥብ 3 ደህና» ይበቃል።

የዙሮቹ ሰዓት እኩል አይሁን። በየሁለት ሰዓቱ በደንቡ የሚዞር ጠባቂን ውጭ ሆኖ የሚያጠና ሰው በሁለት ሌሊት ያውቀዋል። ለምሳሌ ማታ 1:10፣ ማታ 3:20፣ ማታ 5:15፣ ከዚያ ሌሊት 6:40፣ 8:05፣ 9:10፣ 10:00 እና 11:15 ማድረግ ይቻላል። በማግስቱ ሰዓቱን ያዘዋውሩ፤ አንዱን ዙር ከበሩ ወደ ግራ፣ ቀጣዩን ወደ ቀኝ ይጀምሩ። ከሌሊቱ 8 እስከ 11 ሰዓት ዙሮቹ የተቀራረቡት አውቀን ነው። እንቅልፍ የሚበረታው በነዚያ ሰዓቶች ስለሆነ መንቀሳቀስ ራሱ ይረዳል።

በየነጥቡ ቆም ብለው ያዳምጡ። በድሬ ሙቀት ቀን የጋለ የቆርቆሮ ጣሪያ በምሽቱ የመጀመሪያ ሰዓታት ሲቀዘቅዝ ጧ ጧ ይላል፤ አዲስ ጠባቂ ሰው የወጣ ይመስለዋል። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ግን ጣሪያው ከቀዘቀዘ ቆይቷልና ያ ድምፅ መታየት አለበት። ግቢው ደቻቱ ዳር ከሆነ ሐምሌና ነሐሴ ላይ የወንዙን ጎን እንደ አንድ ነጥብ ይቁጠሩት። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ከተማዋን የመታው ጎርፍ የመጣው በሌሊት ነበር። ከተማው ላይ ሳይዘንብ ከላይ ደጋው ላይ የጣለ ዝናብ ደረቁን አሸዋ ሊሞላው ስለሚችል፣ ከወንዙ በኩል ጉርምርምታ ከተሰማ መጀመሪያ ሰው ይቀስቅሱ፤ ምዝገባው ይቆያል።

ስልኩን ጨለማ ውስጥ ሲከፍቱ ሁለት ነገር ይሆናል፦ ፊትዎ በርቶ ከሩቅ ይታያል፣ ዓይንዎም ጨለማውን መልሶ እስኪለምድ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይፈልጋል። ስለዚህ የስክሪኑን ብርሃን እስከ መጨረሻው ይቀንሱ፤ ሲጽፉም ጀርባዎን ለግድግዳ ይስጡ። መስመሩ አጭር ይሁን። ፎቶ በየዙሩ የሚያስፈልገው ለኮንቴይነሮቹ ሲልና ለመጋዘኑ ጓጉንቸር ነው፤ ለሌላው ቃል ይበቃል።

ኔትወርክ ከሌለ ቴሌግራም ላይ የጻፉት አጠገቡ የሰዓት ምልክት ይዞ ይጠብቃል፤ ግሩፑ ውስጥ የሚታየው ሰዓት መልእክቱ የወጣበት እንጂ እርስዎ የጻፉበት አይሆንም። ሌሊት 7 የጻፉት 9 ሰዓት ላይ ሊታይ ይችላል። ሰዓቱን በራሱ በመስመሩ ውስጥ ይጻፉ የምንለው ለዚህም ነው። ማስረጃ የሚሆን ፎቶ ደግሞ እንደ ተራ ፎቶ ሳይሆን እንደ «ፋይል» ይላኩ፤ በተራ መንገድ ሲላክ ይጨመቃል፣ የተነሳበት ሰዓትም ከውስጡ ይጠፋል።

አንድ ነገር ሲያጋጥም

አምስተኛው ዙር ላይ ነዎት እንበል። ነጥብ 4 ደርሰው የሦስተኛው ኮንቴይነር ሲል ተቆርጦ መሬት ላይ ወድቋል፤ በሩ ግን ዝግ ነው።

በሩን አይክፈቱ፣ ሲሉንም አያንሱ። ውስጥ ሰው ሊኖር ይችላል፤ ብረቱ ላይም የጣት አሻራ ሊኖር ይችላል። ወደ መጡበት ተመልሰው በሩ የሚታይበት ብርሃን ያለው ቦታ ላይ ይቁሙና መጀመሪያ ይደውሉ። ሽፍት መሪው ካላነሳ በቀጥታ ፖሊስ ጣቢያ። ከዚያ በኋላ ነው የሚጻፈው። የደወሉበትን ሰዓት ስልኩ ራሱ በጥሪ ዝርዝሩ ላይ ይይዝልዎታል። ሰው ሲደርስልዎት አራት ፎቶ ያንሱ፦ ረድፉን በሙሉ ከሩቅ፣ የኮንቴይነሩን በር፣ መሬት ላይ ያለውን ሲል ከቅርብ፣ ያንኑ ሲል ደግሞ አጠገቡ ቁልፍ ተቀምጦ መጠኑ እንዲታወቅ።

መዝገቡ እንዲህ ይነበባል፦

ሌሊት 8:05 ዙር 5 ጀመርኩ። ከበር ወደ ግራ።
ሌሊት 8:12 ነጥብ 3 ደህና።
ሌሊት 8:17 ነጥብ 4። የ3ኛው ኮንቴይነር ሲል ተቆርጦ መሬት ላይ ነው። በሩ ዝግ። አልነካሁም። ሰው አላየሁም።
ሌሊት 8:19 ለሽፍት መሪ ደወልኩ፣ አነሳ። ፖሊስ እደውላለሁ አለ።
ሌሊት 8:40 ሽፍት መሪ ደረሰ። 4 ፎቶ አነሳሁ።
ሌሊት 9:02 ፖሊስ ደረሰ።

እዚህ ውስጥ «ሌባ ገብቷል» የሚል ቃል የለም። የታየው የተቆረጠ ሲል ስለሆነ የተጻፈውም እሱ ብቻ ነው። ሰው ቢታይ ኖሮ ቁመቱ፣ ልብሱ፣ በየት በኩል እንደሄደ፣ ባጃጅ ከያዘ ታርጋው ይጻፋል፤ «የሰፈር ልጅ ይመስላል» የሚል ግምት ግን አይገባም። በኋላ ስህተት ካገኙ የጻፉትን አያጥፉ፣ አያርሙትም፤ «እርማት፦ 3ኛው ሳይሆን 4ኛው ኮንቴይነር» ብለው ከታች አዲስ መስመር ይጨምሩ። የታረመ መልእክት ምልክት ይዞ ስለሚቀር «ለምን ለወጥከው?» ያስብላል።

አሁን ወደ ኋላ ይመለሱ። በአራተኛው ዙር፣ ከሌሊቱ 6:48 ላይ፣ የዚያው ሲል ሙሉ ሆኖ የተነሳ ፎቶ አለ። ስለዚህ የተቆረጠው ከ6:48 እስከ 8:17 ባለው ጊዜ ውስጥ ነው፤ ከአንድ ሰዓት ተኩል ያነሰ። መርማሪው የጎረቤቱን ካሜራ ሲያይ ሌሊቱን ሙሉ ሳይሆን ያንን ብቻ ይፈልጋል። የቀን ተረኛውም ከጥያቄው ውስጥ ይወጣል። በየዙሩ የሲሉ ፎቶ ባይነሳ ኖሮ ግን የመጨረሻው ማስረጃ የማታ 12 ሰዓቱ ርክክብ ይሆን ነበር፣ ክፍተቱም ስምንት ሰዓት ያልፋል።

ሲያስረክቡ

ጠዋት ከሚረከበው ሰው ጋር ስድስቱንም ነጥቦች አንድ ጊዜ ይዙሩ። የተቆረጠ ሲል ያለበትን ቦታ በቃል ብቻ አይንገሩ፤ ወስደው ያሳዩት፤ ፖሊስ ሳይፈቅድ ማንም እንዳይነካውም ይንገሩት። የመጨረሻውን መስመር ሁለታችሁም ባላችሁበት ይጻፉ፦ ሰዓቱ፣ የተረካቢው ስም፣ ያልተቋጨው ነገር፣ ስንት ቁልፍ እንደተሰጠ። ተረካቢው ከራሱ ስልክ «ተረክቤአለሁ» ብሎ በግሩፑ ላይ እስኪመልስ ድረስ ከግቢው አይውጡ። ፎቶዎቹን ስልኩ ቢሞላም ጉዳዩ ሳይዘጋ አያጥፉ፤ ቦታ ከጠበበ ወደ ሜሞሪ ካርድ ያዛውሯቸው።